«ተው» ሲሉት የማይተው እንቅስቃሴ

አራተኛ ክፍል፣ የሒሳብ ፈተና። ከሃምሳ የሚበልጡ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው በየዴስኩ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እርሳስ ወረቀት ላይ ሲንሸራተት ከሚሰማው ድምፅ በቀር ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከመካከለኛው ረድፍ «እህም» የሚል የጉሮሮ ጠረጋ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ይደገማል። የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ያርገበግብና ራሱን ወደ ቀኝ ነጠቅ ያደርጋል። ከኋላው ያሉ ሁለት ልጆች እሱን አስመስለው አንገታቸውን ነጠቅ እያደረጉ ይሳሳቃሉ። መምህሯ ቀና ብለው «አንተ፣ አርፈህ ተቀመጥ እንጂ!» ይላሉ።

ልጁ ያርፋል። ጥርሱን ነክሶ፣ እጁን ከዴስኩ ሥር ጨብጦ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ንቅንቅ አይልም። በእነዚያ ደቂቃዎች ግን አንድም ጥያቄ አልሠራም፤ ሐሳቡ ሁሉ ያለው አንገቱ ላይ ነው። ደወል ሳይደወል ራሱ እንደገና ነጠቅ ይላል። መምህሯም «ሲፈልግ ማቆም ይችላል፣ እያወቀ ነው የሚረብሸው» ብለው ይደመድማሉ።

ይህን ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በብዙ ልጆች ላይ የሚታየውን በአንዱ ላይ አሰባስቤ የሣልሁት ነው። የመምህሯ ድምዳሜም የተለመደ ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ልጁን ብዙ ያስከፍለዋል። ልጁ ያለበት ነገር ቲክ ይባላል። ቲክ ድንገት የሚመጣ፣ ፈጣን፣ የሚደጋገም፣ ግን ወጥ ምት የሌለው እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ዓይን ማርገብገብ፣ ፊት ማጨማደድ፣ ትከሻ መስበቅና አንገት መንጠቅ የእንቅስቃሴ ቲኮች ናቸው። ጉሮሮ መጥረግ፣ አፍንጫን ሽርር ማድረግና አጫጭር ድምፆች ማውጣት ደግሞ የድምፅ ቲኮች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላይ ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ልጆች ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይበዛል።

በትምህርት ቤት ዕድሜ ካሉ ልጆች እስከ አምስት አንዱ በሆነ ጊዜ ቲክ ሊታይበት ይችላል። አብዛኛው ዓመት ሳይሞላው ይጠፋል። ብዙ የእንቅስቃሴ ቲኮችና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ታይተው፣ ነገሩ ከዓመት በላይ ከቀጠለ ቱሬት ሲንድሮም ይባላል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1885 ዘጠኝ ሕሙማንን በጽሑፍ ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት የመጣ ነው። ብዙ ሰው ቱሬት ሲባል ያለ ፈቃድ መሳደብ ብቻ ይመስለዋል፤ ይህ ግን የሚታየው ቱሬት ካለባቸው ከአሥሩ በአንዱ ወይም ከዚያ በጥቂት በሚበልጡት ላይ ነው።

የልጃችን ነገር በስድስት ዓመቱ ዓይን በማርገብገብ ጀመረ። እናቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ጠብታ ታዘዘለት፤ ክረምቱን ጠፋ። መስከረም ላይ አፍንጫውን ሽርር ማድረግ ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ያም ጠፋ። ቀጥሎ አንገቱ መጣ። «ዓይን በልቶት ነው» ያለም አልጠፋም፤ ጠበል ተወሰደና ለሦስት ሳምንት ያህል ጋብ አለለት። ቲክ ተፈጥሮው እንዲህ ነው። ሳምንታት ይበረታል፣ ሳምንታት ይበርዳል፣ ከአንድ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራል። በዚህ የተነሣ ቤተሰብ ሊበርድ ሲል ያደረገውን ሁሉ መድኃኒት፣ ሊበረታ ሲል ያደረገውን ሁሉ ምክንያት አድርጎ ይይዛል። ቤተሰብ በእምነቱ ይጽና፤ እንቅስቃሴው ተመልሶ ሲመጣ ግን «አንተው አምጥተኸው ነው» ተብሎ ጥፋቱ በልጁ ላይ መደፍደፍ የለበትም።

ልጁ ለጥቂት ደቂቃዎች ማቆም መቻሉን እንዴት እንረዳው? መልሱ ከቲኩ በፊት በሚመጣ ስሜት ውስጥ ነው። ከአሥር ዓመት ግድም ጀምሮ ብዙ ልጆች ይህን ስሜት መግለጽ ይችላሉ። አንዱ «አንገቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨመድደኛል» ይላል፤ ሌላው «ጉሮሮዬን ይበላኛል» ይላል። ማስነጠስ ሊመጣ ሲል አፍንጫን እንደሚኮረኩረው ያለ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ሊያዝ ይችላል፣ ግን ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። እንቅስቃሴው ሲደረግ ግፊቱ ለአፍታ ይቀልላል። አንጎልም ይህችን እፎይታ ይማራታል፤ ስሜቱ በመጣ ቁጥር ያንኑ እንቅስቃሴ ይጠራል። ቲኩ የሚመነጨው እንቅስቃሴን ከሚያስጀምሩና ከሚገቱ የአንጎል ክፍሎች አሠራር ነው፤ በዘርም ይወረሳል። የአስተዳደግ ጉድለት አያመጣውም። እየተደጋገመ እንዲጸና የሚያደርገው ግን ያ የእፎይታ ዑደት ነው። የልማድ መቀልበሻ የሚባለው ሥልጠናም የሚገባው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ወደ ሥልጠናው ከመሄዴ በፊት አገራችን ውስጥ ፈጽሞ ሊዘነጋ የማይገባ አንድ ነገር አለ። የሚወራጭ ልጅ ሁሉ ቲክ ያለበት አይደለም። የቶንሲል ሕመም ታሞ፣ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ እጁና እግሩ በማይቋረጥና ከቦታ ቦታ በሚፈስ እንቅስቃሴ መወራጨት ከጀመረ፣ ኩባያ ከእጁ ከወደቀ፣ የእጅ ጽሑፉ በድንገት ከተበላሸ፣ አካሉ ከዛለና ጠባዩ ከተለወጠ፣ የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ መገለጫ የሆነው ሲደንሃም ኮሪያ ሊሆን ይችላል። የሩማቲክ ትኩሳት ልብን የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቲክ ግን ያው እንቅስቃሴ በያው መልኩ ይደጋገማል፣ ለአፍታ ሊያዝ ይችላል፣ ከእሱ በፊት ግፊት ይሰማል። ዓይኑን የሚያርገበግብ ልጅም አለርጂ ወይም ትራኮማ እንደሌለበት መታየት አለበት። ጥሪ የማይሰማበት፣ ፈዝዞ የሚቀርባቸው ቅጽበቶች ያሉት ልጅ ደግሞ ለሚጥል በሽታ መመርመር አለበት።

የልማድ መቀልበሻ ሥልጠናን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ናታን አዝሪንና ግሬጎሪ ነን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው። ኋላ ቲክ የሚያባብሱ ሁኔታዎችን መለየትና ሰውነትን ማፍታታት ተጨምረውበት ሰፋ ያለ የባሕርይ ሕክምና ሆኗል። በተለመደው አሠራር በአሥር ሳምንት ውስጥ ስምንት ቀጠሮዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ሰዓት ይፈጃሉ።

ልጃችን በመጀመሪያው ቀጠሮ ከእናቱ ጋር ባለሙያዋ ፊት ተቀምጧል። ባለሙያዋ «አቁም» አትለውም። ያሉበትን ቲኮች ሁሉ አብረው ይጽፉና እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጠዋል። ዓይን ማርገብገቡ ሁለት፣ ጉሮሮ መጥረጉ ስድስት፣ አንገቱ ስምንት። አንገቱ የበለጠው ማታ ማታ ስለሚያመውና ልጆች የሚስቁበት እሱ ስለሆነ ነው። እናትየው የዓይኑን ነበር ማስቀደም የፈለገችው፤ ምርጫው ግን የልጁ ነው። ሥልጠናው አንድ ቲክ ይዞ ይጀምራል። ሁሉንም በአንዴ ልያዝ ያለ ልጅ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተሰላችቶ ይተወዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ማወቅ ነው። ልጁ አንገቱ ሲነጠቅ የትኛው ጡንቻ ቀድሞ እንደሚነሣ ቀስ አድርጎ ያሳያል፤ የቀኝ ትከሻው ይጠብቃል፣ አገጩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀጥሎ ስለ ኳስ እያወሩ ቲኩ በመጣ ቁጥር ጣቱን ያነሣል። ሳያውቀው ሲያልፈው ባለሙያዋ «አሁን መጣ» ትለዋለች። መጀመሪያ ብዙው ያመልጠዋል፤ አብዛኛውን መያዝ ሲችል ከቲኩ በፊት ወደሚመጣው ስሜት ይሻገራሉ፤ አሁን ጣቱን የሚያነሣው ከቀኝ ጆሮው በታች መጨምደድ ሲሰማው ነው። ቸኩሎ ይህን ደረጃ የዘለለ ሥልጠና አይሠራም። የሚመጣውን የማያውቅ ልጅ መቼ መከላከል እንዳለበት አያውቅምና።

ሁለተኛው ሥራ ተፃራሪ እንቅስቃሴ መምረጥ ነው። ይህ ቲኩን በአካል የማያስኬድ፣ ሰው የማያስተውለው፣ ቆሞም ተቀምጦም ሊደረግ የሚችል እንቅስቃሴ መሆን አለበት። ለልጃችን አንገት የተመረጠው እንዲህ ነው፦ ዓይኑን ፊት ለፊት አድርጎ፣ አገጩን በጥቂቱ ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ፣ የአንገቱን ጡንቻ በለስላሳው ማጥበቅ። ስሜቱ ሲመጣ ወይም ቲኩ ሲያመልጠው ይህን ይጀምርና ለአንድ ደቂቃ ይይዛል፤ ደቂቃው አልፎ ግፊቱ ካልበረደ እስኪበርድ ይይዛል። እስክሪብቶ ይዞ መጻፉን አይከለክለውም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ወደ ጉሮሮው ያልፋሉ፤ ለእሱ ተፃራሪው በአፍንጫ በዝግታ አስገብቶ በአፍ በዝግታ ማስወጣት ነው። ለዓይኑም ዝግ ያለ፣ በፈቃድ የሚደረግ፣ በጥቂት ሴኮንዶች ልዩነት የሚደጋገም ማርገብገብ አለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱ የባሰ ሊመስለው ይችላል። ቲኩን ሳያደርግ በቆየ ቁጥር ግን ግፊቱ በራሱ ወጥቶ በራሱ እንደሚወርድ ይማራል፤ ዑደቱ የሚሰበረው በዚህ ነው። «ሲያፍነው ኋላ በእጥፍ ይወጣበታል» የሚለው ስጋት በቤተሰብም በመምህራንም ዘንድ አለ። ይህ በሙከራ ታይቷል፤ ልጆች ቲካቸውን ከያዙ በኋላ የሚታየው ቲክ በፊት ከነበረው አይበልጥም።

ሦስተኛው ሥራ የቤት ነው። እናትየው ልጁ ተፃራሪውን ሲያደርግ ስታይ «ጎበዝ፣ ይዘኸዋል» ትላለች። ሲረሳ በዝግታ «ልምምድህን» ትለዋለች፤ ከዚህ አትጨምርም። የምታመሰግነው ጥረቱን ነው፤ ቲኩ መቅረቱን ካመሰገነች ግን ቲኩ በተነሣበት ቀን ልጁ የወደቀ ይመስለዋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ የቤት ሥራ ሲሠራ፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ የአንገት ቲኩን ትቆጥርና በደብተር ትመዘግባለች። ቁጥሩን የምትይዘው ቲክ በራሱም ስለሚበርድ ነው። የአንድ ሳምንት መቀነስ ምንም አይነግራትም፤ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በላይ የዘለቀ መውረድ ግን ይነግራታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 17 የሆኑ 126 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን ይህን ሥልጠና፣ ሌላው ስለ ሕመሙ ትምህርትና ድጋፍ አገኘ። ከሠለጠኑት ልጆች 52.5 በመቶው በደንብ ተሻላቸው፤ ከሌላኛው ወገን ግን 18.5 በመቶው ብቻ። እነዚህን ቁጥሮች በሁለቱም በኩል ማንበብ ይገባል። ከሠለጠኑት ግማሽ ያህሉ በሚፈለገው ልክ አልተሻሉም፤ የተሻላቸውም ቲካቸው ቀነሰ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ግን ከመድኃኒት አስቀድሞ እንዲሞከር የሚመክረው ይህን የባሕርይ ሕክምና ነው። መድኃኒቶች አሉ፤ እንቅልፍ ማብዛት፣ ክብደት መጨመርና ጡንቻን ገትሮ መያዝ ከጎጂ ጎኖቻቸው ናቸው፤ ስለዚህ ቲኩ ሕመም ወይም ጉዳት ሲያስከትል ሐኪም ያዝዛቸዋል። ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቋረጡም።

ሥልጠናው የሚበላሽባቸውን መንገዶችም ማወቅ ይጠቅማል። ተፃራሪው እንቅስቃሴ ከቲኩ በላይ ጎልቶ ከታየ ልጆች በአዲሱ ይስቃሉ፤ ልጁም ይተወዋል። ጡንቻውን አጥብቆ ከያዘ አንገቱን ያመዋል። ወላጅ በየደቂቃው «ልምምድህን፣ ልምምድህን» ካለ ልምምዱ ቅጣት ይሆናል። ቲክ ካለባቸው ብዙ ልጆች ጋር ትኩረት ማጣት ወይም በሚመላለስ ሐሳብ መጨነቅና ደጋግሞ መፈተሽ አብሮ ይመጣል፤ ትኩረቱን መሰብሰብ ላልቻለ ልጅ መጀመሪያ ያ መታከም አለበት። አንዳንዴ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ቲኩ ሳይሆን እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ። ውጥረት፣ ድካም፣ ደስታና ጉጉት ቲክን ያበረታሉ፤ ስለ ቲኩ ማውራት እንኳ ያስነሣዋል። ስለዚህ «አርፈህ ተቀመጥ» የምትለዋ ቃል ሃምሳ ዓይን በአንድ አንገት ላይ ትሰበስባለች፤ ቲኩንም ይበልጥ ታበረታዋለች። ከክፍል ማስወጣትም ሌላ ችግር አለበት። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቲኩ ሲበረታ ልጁ ወደ ውጭ ከተላከ፣ ልጁ ሳያስበው ቲኩ ከሒሳብ የሚያሳርፈው ነገር ይሆናል። ለዚህ ነው ሕክምናው «ቲኩ ሲመጣ ማን ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቀው። መሳቅም፣ መቆጣትም፣ ማባበልም፣ ከሥራ ነፃ ማድረግም ቲኩን ሊመግቡት ይችላሉ።

መምህሯ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ቲኩን እንዳላዩ ማለፍ። ይህ ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል ከባድ ነው፤ ግን ልጆቹ የሚመለከቱት የመምህሯን ፊት ነው። እሳቸው ማስተማራቸውን ካላቋረጡ የሚቀልደው ልጅ ተመልካች ያጣል። ቦታውን ከመካከለኛው ረድፍ አንሥተው ከግድግዳ ጎን ወይም ከኋላ በኩል ቢያደርጉለት የሰው ዓይን ጀርባው ላይ እንዳለ እየተሰማው አይማርም። አጭር እረፍት በዕቅድ ይስጡት፤ ጠመኔ ከቢሮ አምጣ፣ ደብተር ሰብስብ፣ ሰሌዳ አጥፋ። እረፍቱ ቲኩን ተከትሎ ሳይሆን በሰዓቱ መምጣት አለበት፤ ሲመለስም ያቋረጠውን ሥራ ይጨርሳል። ፈተና ላይ ጊዜ መጨመር ወይም ጸጥ ባለ ሌላ ክፍል ማስፈተን ለእሱም ለሌሎቹም ይበጃል።

ማሾፍን በቁጣ ብቻ መከልከል ከመምህሯ ፊት ወደ እረፍት ሰዓት ያዛውረዋል። የተሻለው ለክፍሉ በግልጽ መንገር ነው፤ ግን በልጁና በወላጆቹ ፈቃድ። ልጁ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ልሁን ወይስ ውጭ የሚለውን እሱ ይወስን። ንግግሩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፦ «ቲክ ይባላል። ጡንቻው በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ እያወቀ አይደለም። እንደ ጉንፋን አይተላለፍም። ስታዩት ዝም ብላችሁ ሥራችሁን ሥሩ።» ለማንቸስተር ዩናይትድና ለኤቨርተን የተጫወተው አሜሪካዊው ግብ ጠባቂ ቲም ሃዋርድ ቱሬት ሲንድሮም እንዳለበት በይፋ የሚናገር ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ አገሩ ቤልጅየምን ስትገጥም ያዳናቸው ኳሶች ዓለምን አስደንቀዋል። ኳስ ለሚወድ ክፍል ይህን መንገር ከብዙ ምክር በላይ ይሠራል። ስለ ቲክ የተነገራቸው ልጆች ለጓደኛቸው ያላቸው አመለካከት እንደሚሻሻል ጥናቶች አሳይተዋል። ከዚህ በኋላም የሚያሾፈውን ልጅ መምህሯ ለብቻው ጠርተው ያናግሩት እንጂ ክፍሉ ፊት አያቁሙት፤ እሱን ማሳፈር በሁለተኛው ቀን ቂሙን ቲክ ያለበት ልጅ ላይ ያወርደዋል።

ልጁ ራሱም አንድ የተጠና መልስ ይያዝ። «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት «ቲክ አለብኝ፣ አይተላለፍም፣ ና እንጫወት» ብሎ ማለፍ። መልሱን ቤት ውስጥ ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር እየተለማመደ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ እስኪለው ይድገመው። አብሮት ዴስክ የሚጋራው ልጅ ጉዳዩን ቢያውቅ ደግሞ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

በአገራችን የሕፃናት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ያሉትም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ናቸው። ይህን ሥልጠና የተማረ ደግሞ ከእነሱም ያነሰ ነው። በተቻለ ቦታ የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ የክፍሉ ሥራ ማንንም አይጠብቅም፤ ገንዘብም፣ መሣሪያም፣ ፈቃድ ከላይ መጠበቅም አይፈልግም። መምህራን ሆይ፣ ክፍላችሁ ውስጥ ራሱን የሚነጥቅ ወይም ጉሮሮውን የሚጠርግ ልጅ ካለ ነገ ጠዋት «ተው» አትበሉት። ቦታውን አመቻቹለት፣ ወላጆቹን አናግሩ፣ ወደ ሐኪምም እንዲወስዱት ንገሯቸው።